ከጂዛን ለጻፉልን ወንድም የቀረበ ምስጋና

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በባዕድ ምድር በጂዛን ለሚኖሩት ወንድማችን፤ 

ወደ አገር በሚመለስ ባልንጀራዎ እጅ የላኩልን መልእክት ከትንሣኤ በዓል በኋላ ደርሶናል። ከደብተር የተቀደዱ 14 ቅጠሎች፣ በሁለቱም ገጽ በእርሳስ የተጻፉ፣ ዳራቸውም በላብና በአቧራ የደበዘዘ ነው። ስለ ባሕረ ሐሳብ ለጀማሪዎች ያዘጋጀናትን ትንሽ መጽሐፍ እንዴት እንዳገኟት፣ እንዴት እንደተማሩባት፣ ምን እንደጠቀመችዎ በዝርዝር ነግረውናል። ምላሹን በስልክ እንዳንልክ ምክንያቱን ጽፈው ለምነውናል፤ ምክንያቱም በቂ ነው። እናትዎ ይህችን መጽሔት ከተሳላሚዎች እጅ እየተቀበሉ እንደሚያስነብቡ ስለ ገለጹልን፣ ምስጋናችንን በእርሷ በኩል ልከናል። ስምዎን አልጻፍንም፤ እግዚአብሔር ያውቀዋልና። ይህን የምታነቡ ምእመናንና በገዳሙ ያላችሁ አባቶች፣ ለአንድ ሰው የተጻፈውን ለሁላችሁ ማሳየታችን በዚህ ምክንያት ነው።

ለብዙዎቻችሁ ጂዛን በወሬ የሚሰማ ስም ነው። በሳዑዲ ዓረቢያ ደቡብ ምዕራብ፣ በቀይ ባሕር ዳርና በየመን ድንበር የሚገኝ አውራጃ ነው። ከጂዛን ከተማ በስተ ሰሜን፣ በቤሽ አቅራቢያ፣ ጂዛን ኢኮኖሚክ ሲቲ የተባለው የፋብሪካና የወደብ ከተማ ተተክሏል፤ በዚያም በቀን 400 ሺህ በርሜል ድፍድፍ ነዳጅ ለማጣራት የተሠራ ማጣሪያ አለ። የእኛ ልጆች ግን አውራጃውን አስቀድመው የሚያውቁት በእግር መንገድ ነው። ከኦቦክ ወይም ከቦሳሶ በጀልባ ተሻግረው፣ የመንን አቋርጠው፣ በተራራው በኩል የሚገቡበት በር እርሱ ነውና። በዚያች አገር ደወል የሚደወልበት ቤተ ክርስቲያን የለም። ስለዚህ በዚያ የሚኖር ክርስቲያን በመጀመሪያ የሚያጣው ነገር ብዙዎቻችን የማናስበው ነው፤ ዕለቱን ያጣል። ነገ ጾም መሆኑን የሚነግረው ሰው የለም።

ወንድማችን፣ እርስዎም የጻፉልን ይህንኑ ነው። የፊተኞቹን ሁለት ዓመታት ዐቢይ ጾምን በግምት እንደጀመሩ፣ በአንደኛው ዓመት እናትዎ ቀድመውዎት አንድ ሳምንት እንደጾሙ በኋላ ሲሰሙ እንዳለቀሱ ነገሩን። እኅትዎ የመጽሐፋችንን ገጾች አንድ በአንድ በስልክ ፎቶ እያነሡ ሲልኩልዎ፣ ከሥራ መልስ በሌሊት መቁጠር ጀመሩ። የ2018ን ዓመት ሠርተው ጾመ ነነዌ ጥር 25፣ ዐቢይ ጾም የካቲት 9፣ ትንሣኤ ሚያዝያ 4 ሆኖ አገኙ። ለእናትዎ ደውለው ሳይነግሯቸው አስቀድመው ጠየቋቸው፤ እርሳቸውም ያንኑ መለሱልዎ። በዚህ ዓመት እናትና ልጅ ባሕር እየከፈላቸው በአንድ ቀን ጾሙ፣ በአንድ ሌሊት ፈሰኩ። መጽሐፊቱ የተጻፈችው ለዚህ ነው ብንል ደፋሮች እንሆናለን፤ በአብነት ትምህርት ቤት ለሚቀመጡ ሕፃናት ነበረና ያዘጋጀናት። እርስዎ ግን ከአሰብንላት ቦታ አርቀው ወሰዷት፤ የመጀመሪያው ምስጋናችን ስለዚህ ነው።

ሁለተኛው ምስጋናችን ስለ 2019 ዓመት ስለ ጻፉት ነው። ይህን ክፍል አባቶች በጥሞና እንዲያዩት እንወዳለን፤ ለሚያስተምር ሰው ይጠቅመዋልና።

ወንድማችን ለሚመጣው ዓመት እንዲህ ብለው ጀመሩ። 5500 ዓመተ ፍዳን ከ2019 ጋር ሲደምሩ ዓመተ ዓለሙ 7519 ሆነ። ለ4 ሲያካፍሉት 1879 ደርሶ 3 ተረፈ፤ 3 ሲተርፍ ዘመኑ ሉቃስ ነው። 1879 መጠነ ራብዒት ይባላል፤ እርሱን ከ7519 ጋር ደምረው ለ7 ሲያካፍሉ 4 ተረፈ፤ ስለዚህ መስከረም 1 ዓርብ ይውላል። እንደገና 7519ን ለ19 አካፍለው 14 ተረፈ፤ አንዱን ለዘመኑ ትተው 13 ወንበር ያዙ። ወንበሩን በ11 ሲያበዙት 143 ሆነ፤ በ30 ሲገድፉት 23 ቀረ፤ ይህ አበቅቴ ነው። ወንበሩን በ19 ሲያበዙት 247 ሆነ፤ በ30 ሲገድፉት 7 ቀረ፤ ይህም መጥቅዕ ነው። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 መሆን አለባቸው፤ 23 እና 7 ሠላሳ ናቸውና እስከዚህ ድረስ ሥራው ንጹሕ እንደሆነ ዐወቁ።

ችግሩ ከዚህ በኋላ መጣ። የገጾቹ ፎቶ ተራውን ሳይጠብቅ ይደርስዎ ስለነበር፣ መጥቅዕ በየትኛው ወር እንደሚውል የሚናገረው ገጽ ገና አልደረሰዎትም ነበር። በ2018 መጥቅዕ 18 ስለነበር በመስከረም ቆጥረውት ነበር፤ የ2019ንም መጥቅዕ 7 ብለው በመስከረም ቆጠሩት። መስከረም 7 ሐሙስ ነው፤ የሐሙስ ተውሳክ 3 ነው፤ 7 እና 3 ዐሥር ይሆናል። መባጃ ሐመሩን 10 አድርገው ነነዌን በጥር 10 አዋሉት። ከዚያ 69 ቀን ሲቆጥሩ ትንሣኤ መጋቢት 19 ሆነ።

እዚህ ላይ የጻፉትን ደጋግመን አንብበነዋል። ነነዌ ሁልጊዜ ሰኞ እንደሚውል ያውቁ ነበርና ጥር 10ን መረመሩ፤ ሰኞ ሆኖ አገኙት። ይህ ብቻ አይደለም። አብረውዎት የሚኖሩ የፊሊፒንስ ሰዎች የእነርሱ ፋሲካ በዚያ ዓመት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር መጋቢት 28 እንደሆነ ነገሩዎት። ያ ቀን በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 19 ነው፤ እርስዎ ካገኙት ጋር አንድ ሆነ። ሁለት ምስክር የተገኘለት ቁጥር እውነት ይመስላል። ሌላ ሰው ቢሆን በዚያው ይረካ ነበር።

እርስዎ ግን ከደረሱዎት ገጾች አንዱን አስታወሱ፤ ጾመ ነነዌ ከጥር 17 በታች አይወርድም፣ ከየካቲት 21 በላይ አይወጣም፤ ትንሣኤም ከመጋቢት 26 በፊት፣ ከሚያዝያ 30 በኋላ አይውልም የሚለውን። ጥር 10 ከወሰኑ ውጭ ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ሰኞም ቢውል፣ ከጎረቤቶችዎ ፋሲካ ጋርም ቢገጥም፣ ስሕተት መሆኑን ዐውቀው የጎደለውን ገጽ ከእኅትዎ እስኪደርስ ሦስት ሳምንት ጠበቁ።

ገጹ የሚለው ይህን ነው፤ መጥቅዕ ከ14 በላይ ሲሆን በመስከረም ይውላል፣ ከ14 በታች ሲሆን ግን በጥቅምት ይውላል። መጥቅዕ በመስከረም ሲውል ነነዌ በጥር ትጀምራለች፤ መደቡ ከ30 ካለፈ ትርፉ ወደ የካቲት ይሻገራል። መጥቅዕ በጥቅምት ሲውል ግን ነነዌ በየካቲት ናት። መስከረም 1 ዓርብ ከሆነ ጥቅምት 7 ቅዳሜ ይውላል። የቅዳሜ ተውሳክ 8 ነው፤ 7 እና 8 ዐሥራ አምስት። ነነዌ የካቲት 15፣ ዐቢይ ጾም የካቲት 29፣ ትንሣኤ ሚያዝያ 24። ሰኞ ላይ ውሏል፤ ከወሰኑም አልወጣም። የተሳሳተው ቁጥርና እውነተኛው ቁጥር የሚለያዩት በአምስት ሳምንት ነው።

የሰኞው ፈተና ያንን ስሕተት ለምን እንዳልያዘው ጠይቀውናል፤ ምላሹን እነሆ። ተውሳክ የተሠራው መጥቅዕ በየትኛውም ዕለት ቢውል ነነዌን ሰኞ ላይ እንዲያሳርፍ ነው። ስለዚህ የዕለቱን ተውሳክ ሲሳሳቱ፣ ለምሳሌ የቅዳሜን በዓርብ ቢተኩ፣ ነነዌ ሰኞ መሆኗ ይቀርና ስሕተቱ ወዲያው ይታያል። ወር ሲሳሳቱ ግን ተውሳኩ በተሳሳተው ወር ውስጥም ሥራውን በትክክል ይሠራል፤ ቀኑ ሰኞ ሆኖ ይገኛል፤ ስሕተቱም ይሰወራል። እርሱን የሚያጋልጠው የወሰኑ ፈተና ብቻ ነው። ወሰኑም በከንቱ አልተሠራም። ቀንና ሌሊት የሚተካከሉበት ዕለት በአቆጣጠራችን መጋቢት 25 ነው፤ ትንሣኤ ከዚያ ሳያልፍ እንዳይከበር ሊቃውንቱ ደንግገዋልና፣ ከመጋቢት 26 በታች የሚገኝ ትንሣኤ ሁሉ አንድ ጨረቃ ቀድሞ የመጣ ነው። የጎረቤቶችዎ ፋሲካ መጋቢት 19 መሆኑም የሚመጣው ዕሪናውን የሚቈጥሩት በሌላ አቆጣጠር ስለሆነ ነው። በእነርሱ ሥርዓት ትክክል ነው፤ የእኛን ሊመሰክር ግን አይችልም።

ይህን ሁለት ዓይነት ፈተና ለየብቻ አድርጎ፣ አንዱ የማይዘውን ሌላው እንደሚይዝ በምሳሌ ያሳየ ተማሪ እስካሁን አላጋጠመንም። ከእንግዲህ ወዲያ ስናስተምር የ2019ን ዓመት በጂዛን እንደተሠራው አድርገን እናስተምረዋለን።

እርስዎ በመልእክትዎ መካከል፣ «የቀን ሠራተኛ ሆኜ በሊቃውንት ሥራ መግባቴ ድፍረት እንዳይሆንብኝ» ብለዋል። ስለዚህ ነገር የቤተ ክርስቲያናችንን ትውፊት እናስታውስዎ። ባሕረ ሐሳብን የደረሰው የእስክንድርያ 12ኛው ሊቀ ጳጳሳት ቅዱስ ድሜጥሮስ፣ ከሹመቱ በፊት ወይን የሚጠብቅ ገበሬ ነበር፤ መጽሐፍ የተማረ ሰው አልነበረም። አበቅቴንና መጥቅዕን ያገኘውም በሱባኤ ነው ይባላል። 23 ሱባኤ በሰባት ቀን ሲበዛ 161 ነው፤ በ30 ሲገደፍ 11 ይቀራል፤ 7 ሱባኤ በሰባት ቀን ሲበዛ 49 ነው፤ በ30 ሲገደፍ 19 ይቀራል። ወንበርዎን ያበዙባቸው ሁለቱ ቁጥሮች እነዚህ ናቸው። የገበሬ ሱባኤ የወለደውን ቁጥር የቀን ሠራተኛ ቢቆጥረው ድፍረት አይባልም።

ሦስተኛው ምስጋናችን ስለ ነጅራን ነው። በኅዳር 26 ስንክሳራችን የናግራንን ሰማዕታት ያስባል፤ ቅዱስ ኂሩትንና ማኅበሩን። በ6ኛው መቶ ዓመት፣ በ523 ዓ.ም. ገደማ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፣ የሂምያር ንጉሥ በክርስትናቸው ምክንያት ያስገደላቸው ናቸው። ወሬው በሶርያዊው ጳጳስ በስምዖን ዘቤተ አርሻም መልእክት ወደ ክርስቲያኖች ሁሉ ተሰማ፤ የአክሱሙ ንጉሥ ቅዱስ ካሌብም ባሕር ተሻግሮ ዘመተ። እኛ ይህን በየዓመቱ ስናነብ ናግራን በመጽሐፍ ብቻ ያለች ከተማ መስላን ኖራለች። እርስዎ ግን፣ ለሥራ ወደ ምሥራቅ ሲጓዙ በመንገድ ምልክት ላይ ስሟን በዓረብኛ እንዳነበቡ፣ አሮጌው ከተማ ፍርስራሹ ዛሬም እንዳለና ኡኽዱድ ተብሎ እንደሚጠራ፣ ሹፌሩም የዚያን እሳት ታሪክ በራሱ ሃይማኖት በኩል እንደሚያውቀው ጻፉልን። ኅዳር 26 ቀን ስንክሳሩ ሲነበብ በልባችን የሚሳለው ከእንግዲህ እርስዎ ያዩት መንገድ ነው። ብቻዬን ነኝ ላሉትም ቃል፣ በዚያ አውራጃ ጎረቤት ስማቸው በየዓመቱ የሚጠራ ብዙ ቅዱሳን አሉ እንልዎታለን።

በመጨረሻ ለጠየቁን ከባድ ጥያቄ። «ቅዳሴ በሌለበት፣ በዚህ ሙቀት፣ ውኃ እየጠጣሁ የምጾመው ጾም ይቆጠርልኛል ወይ?» ብለዋል። እኛ የመጽሐፊቱ ጸሐፊዎች እንጂ የነፍስ አባትዎ አይደለንም። ባሕረ ሐሳብ ዕለቱን ይነግራል፤ እስከ ስንት ሰዓት፣ በምን ያህል አቅም እንደሚጾሙ አይነግርም። ይህ የንስሐ አባት ሥልጣን ነው። በእናትዎ በኩል አባትዎን ያስጠይቁ፤ የሚሠሩትን ሥራ፣ የሚሠሩበትን ሰዓት፣ ባለፈው ዓመት ራስዎን ስተው መውደቅዎንም ሳይደብቁ ይንገሯቸው። ፍትሐ ነገሥት በ15ኛው አንቀጽ ስለ ጾም ሲደነግግ ለሕሙማን ፈቃድ ያደርጋል፤ አባትዎ ይህን አይተው ልክዎን ይወስኑልዎታል። እስከዚያ ድረስ ውኃ መጠጣትዎን በሰው ፊት እንደ ኃጢአት አይደብቁት። የላኩልንን ስናነብ ከሁሉ ይልቅ ያሳዘነን፣ በፀሐይ መካከል ከወንድሞችዎ ተደብቀው የጠጡት ያ ውኃ ነው።

በአባቶቻችን የብራና መጻሕፍት መጨረሻ ላይ ጸሐፊው ለራሱ ብቻ ጸሎት አይለምንም። ላስጻፈው፣ ለሚያነበው፣ ለሚተረጉመውና ለሚሰማውም በአንድነት ይለምናል። እኛም እንዲሁ እናደርጋለን። የእርስዎንና የእናትዎን የክርስትና ስም ልከውልናልና፣ በማኅበር ጸሎት ከሚታሰቡት ጋር ጽፈነዋል፤ ገጾቹን ፎቶ ያነሡት የእኅትዎ ስም ግን አልደረሰንም፤ ይላኩልን።

ሌላም አንድ ነገር እንልክልዎታለን። የ2020 ዓመት መጥቅዕ 26 ነው። የቀረውን እርስዎ ይሥሩት፤ እኛም ሠርተን አስቀምጠነዋል፤ ውጤቱን ግን እዚህ አንጽፍም። 2019 ዘመነ ሉቃስ ስለሆነ ጳጕሜን 6 ቀን እንደምትሆን አይርሱ። የሚመለስ ባልንጀራ ሲያገኙ በአንዲት ቅጠል ላይ ነነዌንና ትንሣኤን ብቻ ጽፈው ይላኩልን፤ ከእኛው ጋር አስተያይተን በዚህችው መጽሔት እንመልስልዎታለን።

ወደ ወሎ የምትመለሱ ተሳላሚዎች ሆይ፣ ይህችን ቅጂ ለምታውቋቸው ስደተኛ ላላቸው እናቶች ሁሉ አንብቡላቸው። የእኚህ ወንድም እናት ከመካከላቸው አንዷ ናቸውና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።